የጎደለ ዓሣ፣ የቀዘቀዘ ጥብስ፦ ለዴሊቨሪ አፕ ቅሬታ ጽፎ ብርን ማስመለስ

ብዙ ሰው በዚህ ነገር የሚሸነፈው ተናዶ ስለሚጽፍ ነው። «ምግባችሁ አሳፋሪ ነው፣ ግማሹ የለም፣ ገንዘቤን መልሱ» ብሎ ይልካል። ስንት ብር እንደሚፈልግ አልጻፈም። የትኛው ምግብ እንደጎደለ አልጻፈም። ከዚያ «ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል መልስ ይመጣና ጉዳዩ ይዘጋል። እኔም ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኜ ቀርቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ቁጭ ብዬ በሥርዓት ጻፍኩትና ብሩ ተመለሰ። በዚያው በሦስተኛው ምሳሌ ልሂድ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት እንግዳ ነበረን፣ ፒያሳ ካለ አንድ ምግብ ቤት በአፕ አዘዝን። ሁለት ጥብስ፣ አንድ ተጋቢኖ፣ አንድ የዓሣ ጥብስ፣ ሁለት የአቮካዶ ጁስ። ሲመጣ ዓሣው የለም፣ ጁሱ አንድ ብቻ ነው፣ ጥብሱ ደግሞ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቷል።

## 1. ፌስታሉን ከመክፈታችሁ በፊት

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። እንግዳ ቢኖርም፣ ቢርባችሁም። ፌስታሉ እንደታሰረ ወይም በስቴፕለር እንደተመታ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲነበብ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ።

ለምን? ምግብ ሲጎድል ጥያቄው «ማን ጋ ጎደለ?» ነው። ማሸጊያው ሳይነካ ከደረሰ ምግብ ቤቱ ሲያሽግ ረስቶታል ማለት ነው። ተቀድዶ ወይም ተፈትቶ እንደገና ታስሮ ከሆነ ግን መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ። ይህን የሚለየው ያ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ያመጣው ልጅ ገና በር ላይ ከሆነ አብራችሁ ቁጠሩ። ግን አትጩሁበት። የእኔው ስደውልለት «ወንድምዓለም፣ እኔ እንደታሸገ ነው የተቀበልኩት» አለኝ፣ እውነቱንም ነበር። ልጁ የታሸገ ፌስታል ከፍቶ እንዲቆጥር አይጠበቅበትም። ያለ ማስረጃ «ሰርቆኛል» ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል፣ እናንተም ያላያችሁትን ነው የጻፋችሁት።

በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። የጎደለውን ቀንሳችሁ ለልጁ አትስጡት። አፑ ላይ ያለውን ሙሉ ሒሳብ የሚያስረክበው እሱ ነው፣ የቀነሳችሁት ከኪሱ ይወጣል። እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ ለድርጅቱ ደውሉና «ዓሣው አልመጣም፣ ሒሳቡን አስተካክሉልኝ» በሉ። ስልኩ ካልተነሳ ሙሉውን ክፈሉና ወደ ቅሬታው ሂዱ።

## 2. ማስረጃውን ሰብስቡ (አምስት ደቂቃ ነው)

የመጣውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ደረሰኙን ጨምራችሁ በአንድ ፎቶ አንሱት። አንድ በአንድ ያነሳችሁት ፎቶ አይጠቅምም፣ «ሌላው ከካሜራው ውጪ ይሆናል» ይባላል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲታይ የሌለው ነገር በግልጽ አለመኖሩ ይታያል።

ቅዝቃዜው ነው ከባዱ። ብርድ በፎቶ አይነሳም! የቀዘቀዘ ጥብስና ትኩስ ጥብስ ፎቶ ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ ቅዝቃዜው የተወውን ምልክት ፈልጉ።

ጥብስ ከሆነ የረጋውን ስብ በማንኪያ ጫር አድርጋችሁ አሳዩ፣ አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃል። ተጋቢኖ ከሆነ ላዩ ላይ የሠራውን ቆዳ። ፒዛ ከሆነ የደረቀውን አይብ፣ ጫፉን ይዛችሁ ስታነሱት እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ሲቆም። ክትፎ ግን ተዉት፤ ለብ ለብ ወይም ጥሬ ክትፎ አዝዛችሁ «ቀዘቀዘ» ብትሉ የሚስቁት በእናንተ ነው።

ከፎቶው የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሰዓቱ ነው። የትዕዛዝ ታሪክ ውስጥ ገብታችሁ ምግቡ መቼ ተዘጋጀ፣ መቼ ከምግብ ቤቱ ወጣ፣ መቼ ደረሰ የሚለውን ስክሪንሾት አድርጉ። የእኔ ላይ ከምግብ ቤቱ የወጣው 19:04፣ የደረሰው 19:51 ይላል። 47 ደቂቃ። ከፒያሳ ማራኪ በሞተር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ካርታው ላይ ደግሞ ልጁ መጀመሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ ሌላ ሰው ጋ አድርሶ ነው የመጣው። በጎንደር የማታ ብርድ ጥብስ 47 ደቂቃ ሞተር ላይ ተቀምጦ ትኩስ ሊደርስ አይችልም። ይህን ማንም አይከራከርም።

የካርታውን ስክሪንሾት ምግቡ ገና መንገድ ላይ እያለ አንሱት። ከደረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ካርታም ሰዓትም የማያሳይ አፕ ከሆነ፦ ያዘዛችሁበት አጭር መልእክት፣ የክፍያው መልእክት እና ልጁ የደወለላችሁ ሰዓት በስልካችሁ አለ። ሦስቱን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ያው ሥራ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከቅሬታው ውጪም ቢሆን። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ለሆድ አደጋ ነው። እንዲህ የዘገየ ከሆነ አሙቃችሁ ለመብላት አትሞክሩ፣ ሙሉ ዋጋውን ጠይቁ።

## 3. ብሩን አስሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የምትፈልጉትን ብር ካልጻፋችሁ እነሱ ይወስኑላችኋል፣ እነሱ የሚወስኑት ደግሞ ወይ ይቅርታ ነው ወይ የ50 ብር ኩፖን።

የእኔ ሒሳብ ይህን ይመስል ነበር። ጥብሱ አንዱ 500፣ ሁለቱ 1,000 ብር። ተጋቢኖ 240። ዓሣ 400። ጁስ አንዱ 120፣ ሁለቱ 240። ድምር 1,880። ቫት 15 በመቶ 282 ብር። ማድረሻ 100። የከፈልኩት 2,262 ብር።

የጎደለው። ዓሣ 400 እና አንድ ጁስ 120፣ ድምር 520። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና 520 ይጠይቃል። ቫቱስ? ላልበላችሁት ዓሣ ቫት ከፍላችኋል እኮ። የ520 ቫት 78 ብር ነው፣ ስለዚህ 598 ብር። አፑ ዋጋውን ከነቫቱ የሚያሳይ ከሆነ ግን ሁለተኛ አትጨምሩበት። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ደረሰኙ ታች ላይ ቫት ለብቻው ተደምሮ እንደሆነ እዩ።

የቀዘቀዘው። ይህ እንደ ጎደለው ቁርጥ ያለ አይደለም። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው። ካልበላችሁት ሙሉውን ጠይቁ፣ ምግቡንም አትጣሉት፣ ፎቶ ይጠየቃል። አሙቃችሁ ከበላችሁት ግማሹን ጠይቁ። በልታችሁ ጨርሳችሁ ሙሉውን መጠየቅ የጎደለውንም እውነተኛ ጥያቄ ያበላሽባችኋል፣ መልስ ሰጪው «እነዚህ ሊያጭበረብሩ ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ዓይን ያየዋል። እኛ ጥብሱን አሙቀን በላነው። የ1,000 ግማሽ 500፣ ከነቫቱ 575 ብር። ተጋቢኖው ለብ ያለ ነበር፣ ምድጃ ላይ ጣድ አድርገን በላነው፣ እሱን ተውነው።

ማድረሻው። ምግብ ስለጎደለ ብቻ ማድረሻ አይመለስም፤ ልጁ መንገዱን ሄዷል። የቀዘቀዘው በመንገዱ ምክንያት ከሆነ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ 100 ብሩን ጨመርኩት።

598 + 575 + 100 = 1,273 ብር።

በቅናሽ ኮድ ያዘዛችሁ ከሆነ ቅናሹን ከጎደለው ላይም ቀንሱ። 10 በመቶ ከተቀነሰላችሁ የ400 ብሩን ዓሣ የገዛችሁት በ360 ነው፣ 360 ነው የምትጠይቁት። በ400 ከጠየቃችሁ ሒሳቡ አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል። ለልጁ በእጅ የሰጣችሁትን ጉርሻ አታስገቡ።

## 4. ጻፉት

አፑ ላይ በቀጥታ አትጻፉ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም መብራት ሲሄድ የጻፋችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ሁለተኛ ስትጽፉ ደግሞ እልህ ውስጥ ትገባላችሁ። ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉና ገልብጡት።

እኔ የላክሁት ይህ ነው፦

> ርዕስ፦ 2 የጎደሉና 2 የቀዘቀዙ ምግቦች፣ ተመላሽ 1,273 ብር
>
> ሰላም። የትዕዛዝ ቁጥሬ ከላይ የሚታየው ነው። ዛሬ ከምሽቱ 1፡51 (19:51) ደርሶኛል።
>
> አንደኛ፣ የዓሣ ጥብስ (400 ብር) እና አንድ የአቮካዶ ጁስ (120 ብር) አልመጡም። ከነቫቱ 598 ብር። ፌስታሉ እንደታሸገ የሚያሳይ ፎቶ 1፣ የመጣው በሙሉ ፎቶ 2።
>
> ሁለተኛ፣ ሁለቱ ጥብሶች ቀዝቅዘው ስባቸው ረግቶ ደርሷል። ከምግብ ቤቱ የወጡት 19:04 ነው፣ መንገድ ላይ 47 ደቂቃ ቆይተዋል። ሰዓቱና ካርታው ፎቶ 3 እና 4 ላይ፣ ምግቡ ቪዲዮ ላይ ይታያል። አሙቀን ስለበላነው ግማሹን ከነቫቱ 575 ብር እጠይቃለሁ። መዘግየቱ የማድረስ ችግር ስለሆነ የማድረሻ 100 ብርም።
>
> ድምር 1,273 ብር። ወደ ከፈልኩበት ቴሌብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፣ ኩፖን አልፈልግም።

ተመልከቱ፣ «አሳፋሪ» የለም፣ «ዘረፋ» የለም። መልስ ሰጪው ልጅ ምናልባት በአንድ ማታ ስንት እንዲህ ዓይነት ያነባል፣ ፈልጎ ሳይደክም ቁጥሩን ካገኘ ቶሎ ይጨርስላችኋል።

ሰዓቱን በሁለቱም መንገድ መጻፌ ለጌጥ አይደለም። አፑ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። «1፡51 ደረሰ» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉና ሰውየው መዝገቡ ላይ 19:51 ቢያይ «በዚህ ሰዓት የደረሰ ትዕዛዝ የለም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ አፑ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ገልብጡት።

## 5. ላኩት

በዚያው ማታ ላኩ። አንዳንዱ አፕ ቅሬታ መላኪያውን በሰዓታት ውስጥ ይዘጋዋል፣ ነገ ጠዋት ስትገቡ ቁልፉ ላይኖር ይችላል።

የምትገቡት በትዕዛዝ ታሪክ ነው። ያን ትዕዛዝ ነክታችሁ «ሄልፕ» ወይም «እርዳታ» የሚለውን። በፌስቡክ ገጽ ወይም በቴሌግራም ብትጽፉ ከትዕዛዙ ጋር አይያያዝም፣ እንደገና ቁጥር ይጠይቋችኋል።

ምክንያት አንድ ብቻ ምረጡ ካላችሁ «የጎደለ» የሚለውን ምረጡ። እሱ ቶሎ የሚታይ ነው፣ ቅዝቃዜውን ጽሑፉ ውስጥ ያገኙታል። ሁለት የተለያየ ቅሬታ ግን አትክፈቱ፣ ሁለተኛውን «ተደጋጋሚ» ብለው ሲዘጉት የመጀመሪያውም አብሮ ሊዘጋ ይችላል።

ፎቶው አልሄድ ካለ ቪዲዮውን ተዉት፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ላኩ። መጀመሪያ ፎቶ 2፣ ማለትም ሁሉም የተዘረጋበት። ስትጨርሱ የቅሬታ ቁጥሩን ስክሪንሾት አድርጉ። ዋናዎቹን ፎቶዎች ከስልካችሁ አታጥፉ፣ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሳበትም ሰዓት አብሮት አይሄድም።

ማስጠንቀቂያ። ቅሬታችሁን ፌስቡክ ላይ ከለጠፋችሁ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ፣ ብርዎን ልመልስ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ብር ለመቀበል የሚያስፈልገው ስልክ ቁጥራችሁ ብቻ ነው። ፒን ወይም በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ የጠየቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉት።

## 6. መልሱ ሲመጣ (ወይም ሲቀር)

«ምግብ ቤቱ ሁሉንም አሽጌያለሁ ብሏል» ካሉ፦ አትከራከሩ። «ፎቶ 1 ላይ ማሸጊያው አልተነካም፣ ፎቶ 2 ላይ ዓሣው የለም። ከእነዚህ ሌላ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ንገሩኝ» ብላችሁ ጻፉ። ጥያቄ ስትጠይቁ እነሱም መልስ መስጠት አለባቸው። ግን ከመጻፋችሁ በፊት ቤተሰብ ጠይቁ፤ ምግብ ቤቱ «ዓሣ አልቋል፣ በሌላ እንቀይረው?» ብሎ ደውሎ ቤት ያለ ሰው እሺ ብሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጎደለ አይባልም፣ ልትጠይቁ የምትችሉት የዋጋ ልዩነት ካለ እሱን ነው።

ኩፖን ከሰጧችሁ፦ ከመንካታችሁ በፊት አስቡ። ኩፖኑን ከተጠቀማችሁበት «ተስማምቷል» ማለት ነው። ካልፈለጋችሁት «ኩፖኑን አልቀበልም፣ በቴሌብር ይመለስልኝ» ብላችሁ እዚያው የቅሬታው መልእክት ክር ላይ ጻፉ።

ከጠየቃችሁት ካነሰ፦ የእኔ እንዲህ ነው የሆነው። በማግስቱ 598 ብር ገባ፣ ስለ ጥብሱ ግን ምንም አልተባለም። «ስለ 598 ብሩ አመሰግናለሁ። የቀረው 675 ብር ነው፤ የ47 ደቂቃውን መዘግየት የራሳችሁ ካርታ ያሳያል» ብዬ መለስኩ። አዲስ ቅሬታ አልከፈትኩም፣ የተከፈለውንም አልካድኩም።

ዝም ካሉ፦ ሁለት ቀን ጠብቁና ደውሉ። ስትደውሉ ታሪኩን ከመጀመሪያ አትተርኩ፣ የቅሬታ ቁጥሩንና የብሩን መጠን ብቻ ንገሩ። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ያዙ። ከዚያ ያወራችሁትን በአንድ መስመር ክሩ ላይ ጻፉት፣ «ዛሬ ደውዬ እስከ ዓርብ ይመለሳል ተብያለሁ» እንደማለት። በስልክ የተባለ ነገር እንዲህ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ነው።

ጭራሽ እምቢ ካሉ፦ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ማመልከቻ ይዞ መሄድ አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በግብይት ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኙን፣ የቴሌብር መልእክቱንና የቅሬታውን ክር አትማችሁ ያዙ። እውነቱን ለመናገር ለ300 ብር እኔ አልሄድም፣ የባጃጁና የቀኑ ኪሳራ ይበልጣል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር የታዘዘ ብዙ ምግብ ከሆነ ግን እሄዳለሁ።

የጾም ምግብ አዝዛችሁ ቅቤ የገባበት ከመጣ ይህ መንገድ አይደለም። «የተሳሳተ ምግብ» የሚለውን ምረጡ፣ ሙሉ ዋጋውንም ጠይቁ፤ መብላት ስለማትችሉ ግማሽ የሚባል ነገር የለም።

## 7. ብሩ መግባቱን አረጋግጡ

«ተመልሷል» የሚለው የአፑ መልእክት ብር አይደለም። አንዳንዴ ወደ አፑ የውስጥ ቦርሳ ይገባና እዚያው ያድራል። የቴሌብር አጭር መልእክቱን እዩ፣ መጠኑንም ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ካልገባ የመልሱን የግብይት ቁጥር ጠይቋቸው፤ ቁጥር ካልሰጧችሁ አልላኩም ማለት ነው።

ለእኔ በአራተኛው ቀን 575 ብሩ ገባ። በጠቅላላው 1,173። ማድረሻውን «ትዕዛዙ ስለደረሰ አይመለስም» አሉ። ልጽፍ ጀምሬ ነበር፣ ባለቤቴ ግን «ኧረ ባክህ በ100 ብር» አለችኝ፣ ተውኩት።